ከሰዓቷ እስከ ሁለት ራይት፦ አንድ አፕ ከምን ከምን ይሠራል?

ቴሌግራም ላይ መልእክት ስትልኩ ከጽሑፉ ጥግ አንዲት ትንሽ ሰዓት ብቅ ትላለች። ኔትወርክ ካለ ወዲያው ወደ አንድ ራይት ትለወጣለች። ቆይቶ ራይቱ ሁለት ይሆናል። አብዛኛው ሰው እነዚህን ምልክቶች የሚያያቸው «አይቶታል ወይስ አላየውም?» ለማለት ነው። ነገር ግን ሦስቱ ምልክቶች ሌላም ነገር ይናገራሉ። ሰዓቷ ስትታይ መልእክቱ ገና በላኪው ስልክ እጅ ነው። አንድ ራይት ሲታይ ሰርቨሩ ተረክቦታል። ሁለት ራይት ሲታይ ደግሞ ተቀባዩ ቻቱን ከፍቶ አንብቦታል። አንድ አፕ ከምን ከምን እንደሚሠራ ለማወቅ በእነዚህ ምልክቶች መካከል የሚሆነውን መከተል ይበቃል።

ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር የምናወርደው ነገር የአፑ አንድ ወገን ብቻ ነው። ሌላው ወገን ሰርቨር የሚባለው፣ ሌት ተቀን የሚሠራ፣ ከብዙ ሚሊዮን ስልኮች የሚመጣ ጥያቄ የሚቀበል ኮምፒውተር ነው፤ በትልልቅ አፖች ዘንድ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ስብስብ ነው። ቴሌግራምን ለምሳሌ የመረጥነው ተማሪው ሁሉ ስለሚያውቀው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ የጀመረው ይህ አፕ ስልክ ላይ የሚጫነው ክፍል ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። ስልኩና ሰርቨሩ የሚነጋገሩበት ደንብም በይፋ ታትሟል። የሰርቨሩ ኮድ ዝግ ቢሆንም ምን እንደሚጠየቅና ምን እንደሚመልስ ከዚያ ደንብ ማንበብ ይቻላል።

እንግዲህ ሀና ደሴ ላይ ሆና፣ ሃዋሳ ላለው የክፍል ጓደኛዋ ለብሩክ «ነገ ፈተና አለ?» ብላ ጻፈች እንበል። የመላኪያ ምልክቱን ነካች። ከዚህ በኋላ ያለውን ደረጃ በደረጃ እንየው።

ስልኩ ላይ ያለው ክፍል

ሀና የምታየው ነገር ሁሉ ማለትም የጽሑፍ ሳጥኑ፣ የመላኪያ ምልክቱ፣ መልእክቱ የሚታይበት ባለቀለም ሳጥን፣ በእንግሊዝኛ አጠራሩ ኢንተርፌስ ይባላል። የአንድሮይዱ ቴሌግራም ኢንተርፌስ በአብዛኛው የተጻፈው ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ሥራው ሁለት ነው፤ በስልኩ ውስጥ ያለውን መረጃ በስክሪን ላይ መሳልና የጣት ንክኪን ወደ ትእዛዝ መለወጥ።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ሀና እንደነካች መልእክቷ ስክሪኑ ላይ ቦታውን ይይዛል፤ ገና የትም አልደረሰም። አፑ ሰርቨሩ መልስ እስኪሰጥ ቢጠብቅ ኖሮ ኔትወርክ በደከመ ቁጥር ስክሪኑ ደርቆ ይቆም ነበር። ስለዚህ መልእክቱን በራሱ ሥልጣን ያሳይና «ገና ነው» ለማለት ሰዓቷን ይለጥፍበታል።

መልእክቱ ስክሪኑ ላይ ብቻ ቢቀመጥ ደግሞ ስልኩ በዚያች ቅጽበት ባትሪ ቢጨርስ ይጠፋል። ለዚህ ሲባል ከኢንተርፌሱ ጀርባ ዳታቤዝ አለ። ቴሌግራም በአንድሮይድ ላይ የሚጠቀመው ኤስኪውላይት የሚባለውን ነው። ይህ ዳታቤዝ ስልኩ ውስጥ በአንድ ፋይል የሚቀመጥ፣ በሰንጠረዥ የተደራጀ መዝገብ ነው። የሀና መልእክት እዚያ ሲመዘገብ ጊዜያዊ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ ሆን ተብሎ ከዜሮ በታች የሆነ ነው። ትክክለኛውን ቁጥር የመስጠት መብት ያለው ሰርቨሩ ብቻ ስለሆነ፣ አፑ መለያው ኔጌቲቭ የሆነን መልእክት ሲያይ ገና እንዳልተላከ ያውቃል።

ዳታ አጥፍታችሁ ቴሌግራምን ስትከፍቱ የድሮ መልእክቶቻችሁ የሚታዩት ከዚሁ የስልኩ መዝገብ እየተነበቡ ነው።

መንገዱ

አሁን ሥራው የኔትወርክ ክፍሉ ነው። ይህ ክፍል በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ሲሆን ስክሪኑን አይነካም፤ ከሰርቨሩ ጋር ያለውን ግንኙነት ብቻ ይጠብቃል። መጀመሪያ ጽሑፉ ወደ ባይት ይለወጣል። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሰንጠረዥ የእኛን ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ይዟል። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ሲወስድ፣ የላቲን ፊደልና ባዶ ቦታ አንድ አንድ ባይት ይወስዳሉ። «ነገ ፈተና አለ?» ሰባት ፊደል፣ ሁለት ባዶ ቦታና አንድ የጥያቄ ምልክት ነው፤ በድምሩ 24 ባይት ይሆናል።

እነዚህ 24 ባይቶች ብቻቸውን ለሰርቨሩ ምንም አይነግሩትም። ማን ላከው? ለማን? ምን ይደረግበት? ስለዚህ አፑ በታተመው ደንብ መሠረት ጥያቄ ያዘጋጃል። ዋና ዋናዎቹ ነገሮች ብቻ ሲወጡ ጥያቄው ይህን ይመስላል፦

```
messages.sendMessage
  peer: (የብሩክ መለያ)
  message: "ነገ ፈተና አለ?"
  random_id: 7302915548120367
```

የመጀመሪያው መስመር ሰርቨሩ የሚያውቀው የሥራ ስም ነው። `peer` ተቀባዩን፣ `message` ጽሑፉን ይይዛል። `random_id` ስልኩ በዘፈቀደ ያወጣው ቁጥር ነው፤ ጥቅሙን ወደ በኋላ እናየዋለን። ሰርቨሩ እንዲህ ያሉ በመቶ የሚቆጠሩ ሥራዎች አሉት፤ መልእክት መሰረዝ፣ ፎቶ መጫን፣ ግሩፕ መክፈት፣ ወዘተ። በአንድ ላይ ኤፒአይ ይባላሉ። ስልኩ ሰርቨሩን መጠየቅ የሚችለው በኤፒአዩ ውስጥ ያለውን ነገር ብቻ ነው።

በጥያቄው ውስጥ የሀና ስም እንደሌለ አስተውላችሁ ይሆናል። ሀና መጀመሪያ በስልክ ቁጥሯ ስትገባ ስልኳና ሰርቨሩ 2048 ቢት ርዝመት ያለው ምስጢራዊ ቁልፍ ተስማምተዋል። ከዚያ ወዲህ የሚላከው ሁሉ በዚያ ቁልፍ አማካይነት ይመሰጠራል። ሰርቨሩ ጥያቄውን የየትኛው ቁልፍ ባለቤት እንደላከው ስለሚያውቅ «ሀና ነኝ» የሚል ቃል አያምንም፤ አያስፈልገውምም።

ጉዞው ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ብርሃን በፋይበር ኬብል ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሰርቨሩ አምስተርዳም ነው ብንል ከኢትዮጵያ እዚያ ድረስ ቀጥታው ከ5,500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ደርሶ መልሱ ብቻ ቢያንስ 55 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ኬብሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ጅቡቲ ወርዶ ባሕር ይገባል። በዚህ ላይ የሞባይል ማማውና በመንገድ ላይ ያሉት መሣሪያዎች የየድርሻቸውን ይጨምራሉ። ሰዓቷ ለአፍታ የምትታየው ስለዚህ ነው፤ የትኛውም ፈጣን ስልክ ይህን ርቀት ማሳጠር አይችልም።

መልሱ መንገድ ላይ ቢቀርስ?

ነገሩ ሁሉ በሰላም ከሄደ ሰርቨሩ መልእክቱን በራሱ ዳታቤዝ ይመዘግባል፣ ትክክለኛ መለያ ቁጥርና የደረሰበትን ሰዓት ይሰጠዋል፣ ይህንንም ለሀና ስልክ ይመልሳል። የሀና ስልክ ጊዜያዊውን ኔጌቲቭ ቁጥር በአዲሱ ይተካና ሰዓቷን አንስቶ አንድ ራይት ያደርጋል።

ነገር ግን ሀና በሚኒባስ እየሄደች ሳለ ኔትወርኩ ተቆራረጠ እንበል። ስልኳ ጥያቄውን ልኳል፤ መልስ ግን አልመጣም። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛ፣ ጥያቄው ራሱ ሰርቨሩ ዘንድ አልደረሰም። ሁለተኛ፣ ጥያቄው ደርሷል፣ ተመዝግቧል፣ ብሩክም ምናልባት አንብቦታል፤ የጠፋው መልሱ ነው። ከስልኩ በኩል ሲታይ ሁለቱ ፍጹም አንድ ናቸው፤ በሁለቱም ዝምታ ነው።

ስልኩ በዝምታው ተስፋ ቆርጦ ቢተወው በመጀመሪያው ሁኔታ መልእክቱ ይጠፋል። እንደገና ቢልከው በሁለተኛው ሁኔታ ብሩክ አንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ያያል። መልእክት መደገሙ ከማስቸገር አያልፍም። ነገር ግን የተላከው «500 ብር አስተላልፍ» የሚል ትእዛዝ ቢሆን ሁለት ጊዜ መፈጸሙ የገንዘብ ጉዳይ ይሆናል።

መፍትሔው ያ በዘፈቀደ የወጣ ቁጥር ነው። ስልኩ ጥያቄውን እንደገና ሲልክ አዲስ ቁጥር አያወጣም፤ መጀመሪያ የላከውን `random_id` ይደግማል። ሰርቨሩ ቁጥሩን ሲያይ ከዚህ በፊት ከሀና ተቀብሎት እንደሆነ ያረጋግጣል። አዲስ ከሆነ ይመዘግበዋል። የተደገመ ከሆነ ሁለተኛ መልእክት አይፈጥርም፤ በደንቡ ውስጥ `RANDOM_ID_DUPLICATE` የሚል የስሕተት መልስም ለዚህ ተቀምጧል። ቁጥሩ በ64 ቢት ስለሚጻፍ ሊወጡ የሚችሉት ቁጥሮች ብዛት 18 ቢሊዮን በአንድ ቢሊዮን ተባዝቶ የሚገኘውን ያህል ነው። ሁለት የተለያዩ መልእክቶች በአጋጣሚ አንድ ቁጥር ይይዛሉ ተብሎ አይሰጋም።

ይህ ዘዴ ከቴሌግራም ውጭም ይሠራል። ክፍያ የሚቀበል አፕ በጥንቃቄ ሲሠራ እያንዳንዱ ክፍያ ከስልኩ ሳይወጣ የራሱን መለያ ይይዛል። ዘዴው በሌለበት አፕ ደንበኛው «አልሄደም» ብሎ ሲደግም ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላል። አፕ መሥራት የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ ኢንተርፌሱን አሳምሮ ይህችን አንድ ቁጥር ይረሳል፤ ቤቱ ዋይፋይ ላይ ሲሞክረው ምንም ጉድለት ስለማያይበት።

ሰርቨሩ ስልኩን አያምንም

ሰርቨሩ ጥያቄውን ከመመዝገቡ በፊት ይመረምረዋል። አንድ የቴሌግራም መልእክት ከ4,096 ፊደል መብለጥ አይችልም። የስልኩ አፕ ይህን ስለሚያውቅ ረጅም ጽሑፍ ሲመጣ ከፋፍሎ ይልከዋል። ያም ሆኖ ሰርቨሩ ርዝመቱን እንደገና ይለካል፤ ካለፈ `MESSAGE_TOO_LONG` ብሎ ይመልሳል። በግሩፕም እንዲሁ ነው። አድሚኑ አባላት እንዳይጽፉ ከከለከለ ስልኩ የጽሑፍ ሳጥኑን ይደብቃል፤ ሰርቨሩ ደግሞ ጥያቄው ቢመጣ `CHAT_WRITE_FORBIDDEN` ይላል።

አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መመርመር ለምን አስፈለገ? የስልኩ አፕ ያለው በተጠቃሚው እጅ ነው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም ችሎታ ያለው ሰው አውርዶ፣ የተደበቀውን ሳጥን መልሶ፣ የራሱን ቴሌግራም ማሠራት ይችላል። ኮዱ ዝግ በሆነ አፕም ቢሆን ኢንተርፌሱን ጨርሶ ትቶ ጥያቄውን በሌላ ፕሮግራም ለሰርቨሩ መላክ አያቅትም። ስለዚህ ኢንተርፌሱ ላይ የሚደረገው ክልከላ ተጠቃሚው እንዳይደናገር ይረዳዋል እንጂ ጥበቃ ሊሆን አይችልም። ጥበቃው ያለው በሰርቨሩ በኩል ነው።

የፈተና ውጤት የሚያሳይ የትምህርት ቤት አፕ አስቡ። «ውጤት አስተካክል» የሚለው ቁልፍ ለመምህር እንጂ ለተማሪ አይታይም። ሰርቨሩ ግን ጥያቄው የመጣው ከመምህር መሆኑን ካላረጋገጠ፣ ቁልፉ ባይታየውም ጥያቄውን ራሱ ጽፎ የሚልክ ተማሪ ውጤቱን መቀየር ይችላል።

ብሩክ ስልኩን ሲከፍት

አንድ ራይት ታይቷል፤ መልእክቱ ሰርቨሩ ላይ ነው። የብሩክ ስልክ ግን ባትሪው አልቆ ከጠዋት ጀምሮ ተዘግቷል። በዚህ መካከል የሀና ጥያቄ፣ የሁለት ግሩፕ ወሬና አንድ የተሰረዘ መልእክት ተጠራቅመውበታል። ስልኩ ሲበራ ምን እንዳመለጠው እንዴት ያውቃል? ሁሉንም መልእክት ከመጀመሪያው ማውረድ ይችላል፤ ግን የጥቂት ዓመታት ቻት በሞባይል ዳታ ማውረድ የማይሆን ነገር ነው።

ይህን ለመረዳት የዕድር ጸሐፊን መዝገብ ማሰብ ይረዳል። ጸሐፊው የሆነውን ሁሉ በተራ ቁጥር ይጽፋል። ሁለት ስብሰባ የቀረ አባል መጥቶ «እስከ 1204 አውቃለሁ» ካለ ጸሐፊው ከ1205 ጀምሮ ያነብለታል። ቴሌግራምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚጨምር ቆጣሪ ይይዛል፤ በደንቡ ውስጥ `pts` ይባላል። አዲስ መልእክት ሲመጣ፣ ሲሰረዝ ወይም ሲስተካከል ቁጥሩ ከፍ ይላል። የብሩክ ስልክ የመጨረሻውን ቁጥር በራሱ ዳታቤዝ አስቀምጧል። ሲበራ `updates.getDifference` በሚለው ጥያቄ ቁጥሩን ይልካል፤ ሰርቨሩም ልዩነቱን ብቻ ይመልስለታል።

ቆጣሪው ሌላም ጥቅም አለው። ስልኩ 1204 ላይ ሆኖ ሳለ 1206 የሚል ነገር ከደረሰው በመካከል አንድ እንደጎደለ ወዲያው ያውቃል፤ የጎደለውንም ይጠይቃል። ቆጣሪ ባይኖር የጠፋ መልእክት መጥፋቱ እንኳ አይታወቅም ነበር።

ስልኩ በርቶ አፑ ግን ተዘግቶ ሲሆን ሌላ ክፍል ይገባል። እያንዳንዱ አፕ ከራሱ ሰርቨር ጋር ቀኑን ሙሉ ግንኙነት ይዞ ቢቆይ ባትሪው አይበረክትም። ስለዚህ አብዛኛው የአንድሮይድ ስልክ በጉግል አገልግሎት በኩል፣ አይፎን በአፕል በኩል አንድ የጋራ መስመር ይይዛል። የቴሌግራም ሰርቨር ለጉግል ወይም ለአፕል ይነግራል፤ እነሱ ስልኩን ይቀሰቅሳሉ፤ ኖቲፊኬሽኑ ይታያል። ኖቲፊኬሽን ዘግይቶ ወይም ሳይመጣ ቀርቶ አፑን ስትከፍቱ መልእክቱ ተደርድሮ የምታገኙት ስለዚህ ነው። መልእክቱ የሚደርስበት መንገድና ደወሉ የሚደርስበት መንገድ የተለያዩ ናቸው።

ብሩክ ቻቱን ሲከፍት ስልኩ «እስከዚህ መለያ ድረስ ተነቧል» ብሎ ለሰርቨሩ ይልካል። ሰርቨሩ ለሀና ስልክ ያስታውቃል፤ ሁለተኛው ራይት ይታያል። ብሩክ ጥያቄውን ያነበበው በኖቲፊኬሽኑ ላይ ብቻ ከሆነና ቻቱን ካልከፈተ ግን ያ ማስታወቂያ አይላክም፤ በሀና በኩል ራይቱ አንድ እንደሆነ ይቆያል።

ክፍሎቹን ለይቶ ማየት

ይህን ሁሉ በራሳችሁ ስልክ መሞከር ትችላላችሁ። ስልኩን በአውሮፕላን ሞድ አድርጋችሁ ቴሌግራምን ክፈቱ፤ የሚታየው ሁሉ ከስልኩ ዳታቤዝ ነው። ወደ ላይ እየገፋችሁ ሂዱ፤ ከሆነ ቦታ በኋላ መልእክቶቹ መምጣት ያቆማሉ። ከዚያ በላይ ያለው በሰርቨሩ እንጂ በእጃችሁ አይደለም። በዚሁ ሁኔታ ለጓደኛ መልእክት ጻፉ፤ ሰዓቷ ትቆያለች። አፑን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱት፤ መልእክቱ ከነሰዓቷ እዚያው አለ፤ በስልኩ ዳታቤዝ ተመዝግቧልና።

ቀጥሎ ኔትወርኩን መልሳችሁ በኮምፒውተር በ`web.telegram.org` በኩል ግቡ። ያ ኮምፒውተር ስልካችሁ ውስጥ ያለውን አያውቅም፤ የሚያሳየውን ሁሉ ያገኘው ከሰርቨሩ ነው። ከጓደኛችሁ ጋር «ሲክሬት ቻት» ከፍታችሁ ከነበረ ግን እዚያ አታገኙትም። የሲክሬት ቻት ቁልፍ ያለው በሁለቱ ስልኮች ላይ ብቻ ስለሆነ ሰርቨሩ አንብቦ ለሌላ መሣሪያ ሊያቀርበው አይችልም። ስልኩ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል። የተለመደው ቻት ግን ሰርቨሩ ላይ ስለሚቀመጥ በአዲስ ስልክ ስትገቡ ተመልሶ ይመጣል፤ የቁልፉ አንድ ወገን በሰርቨሩ እጅ ስለሆነም አገልግሎቱን የሚያስተዳድረው አካል የማንበብ አቅም አለው።

በሌላ አፕም ላይ ተመሳሳይ ሙከራ ማድረግ ይቻላል። ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚሄድ እዩ፤ የቀረው በስልኩ፣ የሄደው በሰርቨሩ ያለ ነው። በሌላ ስልክ ገብታችሁ የማይገኝ ነገር ካለ ከመጀመሪያው ስልክ አልወጣም ማለት ነው፤ ስልኩን ከመሸጣችሁ ወይም አፑን ከማጥፋታችሁ በፊት ኮፒ ልታደርጉት የሚገባው እሱን ነው።